የታይሮይድ ምርመራ ወረቀት አነባበብ፦ ቲኤስኤች ለምን በተቃራኒው ይሄዳል?

የታይሮይድ ምርመራ ያደረገ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለው ቀስት ላይ ነው። ቲኤስኤች ጎን ያለው ቀስት ወደ ላይ ካመለከተ «ታይሮይዴ ከልክ በላይ እየሠራ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ወደ ታች ካመለከተ ደግሞ «ደከመ ማለት ነው» ይላል። በአብዛኛው እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ቲኤስኤች ሽቅብ የወጣበት ሰው ዕጢው ደክሟል። ቲኤስኤች ከናካቴው የጠፋበት ሰው ደግሞ ዕጢው ያለ ልክ እያመረተ ነው።

ግራ የሚያጋባን ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ከታይሮይድ የሚወጣ ስለሚመስለን ነው። የሚወጣው ግን አንጎል ሥር ካለች ሌላ ዕጢ ነው። ያቺ ዕጢ ስለ ታይሮይድ ያላትን አስተያየት የምትነግረን በቲኤስኤች ነው፤ ያውም ሁሌም ትንሽ ዘግይታ። ይህን ከያዛችሁ ወረቀቱን ማንበብ ይቀላል። ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እንሄዳለን። ዓላማው መድኃኒት ራሳችሁ እንድትጀምሩ ወይም እንድትቀንሱ አይደለም። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

ደረጃ 1፦ ማን ማንን እንደሚያዝ ለዩ

ከላይ ያለው ሃይፖታላመስ ነው። አንጎል ውስጥ፣ ወደ ታች በኩል የሚገኝ ትንሽ ክፍል ነው። ቲአርኤች የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ የተያያዙበት ነው። ትንሽ ቢሆንም ተመራማሪዎችን አድክሟል። ሮጀር ጊየማን እና አንድሩ ሻሊ የሚመሯቸው ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች ከበግና ከአሳማ አንጎል ጥቂት ሚሊግራም ለማውጣት ዓመታት ፈጅተው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ምንነቱን ለዩት። በ1977 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ሦስተኛዋ ተሸላሚ ሮዛሊን ያሎው ነበረች። እሷ የተሸለመችው ደም ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ሆርሞን ለመለካት ባበጀችው ዘዴ ነው። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ቲአርኤች አንጎል ሥር ወዳለችው ፒቱታሪ ዕጢ ይወርዳል። ፒቱታሪ ቲኤስኤች ታመነጫለች። ቲኤስኤች በደም ተጉዞ አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ «አምርት» ይለዋል። ታይሮይድም ቲ4 እና ቲ3 ያመርታል። ቁጥሮቹ ሆርሞኑ ውስጥ ያሉትን የአዮዲን አተሞች ብዛት ያመለክታሉ። ከዕጢው በብዛት የሚወጣው ቲ4 ነው። ጠንከር ያለውን ሥራ የሚሠራው ግን ቲ3 ነው። አብዛኛው ቲ3 የሚገኘውም ከዕጢው ውጭ፣ ጉበትን በመሳሰሉ የሰውነት ክፍሎች ውስጥ፣ ከቲ4 ላይ አንድ አዮዲን ተነስቶ ነው።

እስካሁን ያየነው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝ ነው። ዋናው ቁም ነገር መልሱ ነው። ቲ4 በደም ዞሮ ፒቱታሪ ጋ ይደርሳል። እዚያው ሕዋሷ ውስጥ ወደ ቲ3 ይለወጣል። ከዚያ ቲኤስኤችን የሚያሠራውን ጂን ያቀዘቅዘዋል። ሃይፖታላመስም ላይ እንዲሁ አድርጎ ቲአርኤችን ይቀንሰዋል። ይህ ነው ኔጋቲቭ ፊድባክ የሚባለው፦ ምርቱ ተመልሶ ራሱን ያዘዘውን ይገታል። ቤታችሁ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡት። ውኃው ሲሞላ ከውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ ብላ መግቢያውን ትዘጋዋለች፤ ውኃው ሲጎድል ወርዳ ትከፍተዋለች። ማንም ቆሞ አይጠብቅም።

ደረጃ 2፦ ቲኤስኤች ለምን በጣም እንደሚንቀሳቀስ ተረዱ

ብዙ ሰው ቲኤስኤች 40 ሲሆንበት ከመደበኛው አሥር እጥፍ ታሟል ማለት ይመስለዋል። እንደዚያ አይሰላም። ፒቱታሪ ለቲ4 ለውጥ የምትሰጠው ምላሽ እጅግ የተጋነነ ነው። ነጻ ቲ4፣ ማለትም ደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ የሚዞረው ቲ4፣ በግማሽ ቢወርድ ቲኤስኤች እስከ መቶ እጥፍ አካባቢ ሊወጣ ይችላል። ቲ4 ትንሽ ብቻ ቢጨምርም ቲኤስኤች ቁልቁል ይወርዳል።

ሐኪሞች መጀመሪያ ቲኤስኤችን የሚያዙት ለዚህ ነው። ቲ4 ገና መደበኛ ክልሉ ውስጥ እያለ፣ ቲኤስኤች ቀድሞ ይናገራል። ሌላም ምክንያት አለ። ወረቀቱ ላይ የታተመው መደበኛ ክልል ከብዙ ሰዎች የተወሰደ ስለሆነ ሰፊ ነው። የአንድ ሰው የራሱ ቲ4 የሚንቀሳቀሰው ግን በጠባብ ቦታ ነው። ለምሳሌ የእናንተ የተለመደ ነጻ ቲ4 18 ፒኮሞል ቢሆንና ወደ 12 ቢወርድ፣ ክልሉ ከ10 እስከ 23 ከሆነ ላብራቶሪው «ኖርማል» ብሎ ያልፈዋል። ፒቱታሪያችሁ ግን 18ን ስለለመደች አታልፈውም። ቲኤስኤችን ከፍ ታደርጋለች። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ቲ4 «ኖርማል» የሚሆንበት ውጤት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

መጠኖቹን በግርድፉ ያዙ። ለአዋቂ ሰው ቲኤስኤች ብዙ ቦታ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። የነጻ ቲ4 ክልል ግን ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያያል፤ መለኪያውም አንዳንዱ ጋ ፒኮሞል፣ አንዳንዱ ጋ ናኖግራም ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ወረቀት ጋር አታወዳድሩ። የራሳችሁ ወረቀት ላይ ያለውን ክልል ተጠቀሙ። ክትትል ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ቢቻል ላብራቶሪ አትቀያይሩ።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ አንብቡ

ቲኤስኤችን ብቻውን አትዩት። ነጻ ቲ4ን ከጎኑ አስቀምጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደዋል ወይስ በአንድ አቅጣጫ?

በተቃራኒ ከሄዱ፣ አንጎል ውስጥ ያለው ክፍል ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ችግሩ አንገት ላይ ነው። ቲ4 ወርዶ ቲኤስኤች ከወጣ፣ ፒቱታሪ እየጮኸች ነው፤ ዕጢው ግን መልስ መስጠት አቅቶታል። ቲ4 ወጥቶ ቲኤስኤች ከጠፋ፣ ፒቱታሪ አፏን ዘግታለች፤ ዕጢው ግን ሳይታዘዝ እያመረተ ነው። ልብ በሉ፤ በሁለቱም በሽታዎች ፊድባኩ አልተበላሸም። ብዙ ሰው «ፊድባኩ ተዛብቷል» ይላል። የሚዛባው ትእዛዙን የሚቀበለው ወገን ነው።

በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ግን ቆም በሉ። ቲ4 ወርዶ ቲኤስኤችም ከወረደ ወይም «ኖርማል» ከሆነ፣ ፒቱታሪ መጮህ ሲገባት ዝም ብላለች። ቲ4 ወጥቶ ቲኤስኤች ካልወረደ ደግሞ ዝም ማለት ሲገባት እየተናገረች ነው፤ ወይ ቲኤስኤች የሚያመርት ዕባጭ አለባት፣ ወይ ሰውነት ለሆርሞኑ ደንቁሯል፣ ወይ ላብራቶሪው ተሳስቷል። እነዚህ ብርቅ ናቸው። ቲ4 ወርዶ ፒቱታሪ ዝም ያለችበት የመጀመሪያው ግን ያን ያህል ብርቅ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ቲኤስኤች ዕጢውን «አምርት» ብቻ ሳይሆን «እደግ»ም ይለዋል። አዮዲን በጎደለበት አካባቢ ዕጢው በቂ ቲ4 መሥራት ይቸግረዋል፤ ግፊቱ ዓመታት ሲቆይ ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህ ነው። ነገር ግን ግሬቭስ በሚባለው በሽታም ዕጢው ያብጣል። እዚያ የሚገፋው ቲኤስኤች አይደለም፤ ቲኤስኤች የሚያርፍበትን ቦታ የያዘ ፀረ-እንግዳ አካል ነው። ስለዚህ አንገት ላይ እንቅርት ማየት ብቻውን ዕጢው ይብዛም ይነስም አይነግራችሁም። ወረቀቱ ነው የሚነግረው።

ደረጃ 4፦ ዕጢው ሲደክም፣ ሰዓቱን ተከተሉ

ለምሳሌ አንዲት የ42 ዓመት ሴት እንውሰድ፤ ክብደቷ 62 ኪሎ ነው። ብርድ ብርድ ይላታል፤ ሆዷ ይደርቃል፤ ሳትበላ ትወፍራለች፤ የወር አበባዋ በዝቷል። ቲኤስኤች 38፣ ነጻ ቲ4 6 ፒኮሞል ወጣ፤ የላብራቶሪው ክልል ከ10 እስከ 23 ነው። ቁጥሮቹ በተቃራኒ ሄደዋል። ፒቱታሪዋ ደህና ናት፤ ዕጢዋ ደክሟል። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት ቦታ ለዚህ ዋናው ምክንያት ሃሺሞቶ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን ቀስ በቀስ ሲያጠፋው ማለት ነው።

ሕክምናው የጎደለውን ቲ4 በኪኒን መስጠት ነው፤ ሌቮታይሮክሲን ይባላል። ዕጢው ከሞላ ጎደል ለማይሠራለት ሰው ሙሉ መጠኑ በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። ለእሷ 62 በ1.6 ሲባዛ 99 ይመጣል፤ ስለዚህ 100 ማይክሮግራም ታዘዘላት። በዕድሜ የገፋ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቢሆን ግን በ25 ወይም ከዚያ በታች ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል። ልብ ለዓመታት ከለመደችው ዝግታ ድንገት መነሳት አትወድም።

በሁለተኛው ሳምንት ቸኩላ ተመረመረች። ነጻ ቲ4 14 ደርሷል፤ ቲኤስኤች ግን 21 ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አሁንም ከፍተኛ ነው፣ ኪኒኑ ይጨመር» ይባላል። አይጨመርም። ቲ4 ደም ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በየቀኑ የሚዋጠው እየተከማቸ ሙሉ ልኩ ላይ እስኪረጋ አምስት ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። ፒቱታሪም ለረጅም ጊዜ ስትጮህ የቆየች ስለሆነች ለመረጋጋት ጊዜ ትወስዳለች። የመጠን ለውጥ በተደረገ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቆ መለካት ደንቡ የሆነው ለዚህ ነው። በስምንተኛው ሳምንት የሴትየዋ ቲኤስኤች 2.4 ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ቢጨመርላት ኖሮ ዛሬ የልብ ምት ይዟት ትመጣ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ውጤት መጣ፦ ቲኤስኤች 11፣ ነጻ ቲ4 ደግሞ 20። ቲ4 ጥሩ ከፍ ብሎ ቲኤስኤች እንዴት ወጣ? በአንድ አቅጣጫ ሄደዋል። የፒቱታሪ ዕባጭ ከመፈለጋችን በፊት አንድ ቀላል ጥያቄ ይቀድማል፦ ኪኒኑን በየቀኑ ትውጪያለሽ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ለምርመራው ስቀርብ ሰሞኑን በደንብ እየዋጥኩ ነበር» ይሆናል። ነጻ ቲ4 የሰሞኑን ይናገራል፤ ቲኤስኤች ያለፉትን ሳምንታት ይናገራል። ሁለቱ ሲጋጩ አንደኛው የቆየ ዜና መሆኑን አስታውሱ። የምርመራው ቀን ጠዋት ደም ከመሰጠቱ በፊት ኪኒኑን መዋጥም ነጻ ቲ4ን ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ያደርገዋል፤ ከተቀዳ በኋላ መዋጥ ይሻላል።

በየቀኑ እየዋጠችም ቲኤስኤች ሊወጣ ይችላል፤ ኪኒኑ አንጀት ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ከተያያዘ። የደም ማነስ ብረት ኪኒን እና ካልሲየም ዋነኞቹ ናቸው፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራቁ። ቡናም ይቀንሰዋል። የእኛ ሰው ጠዋት ኪኒኑን በቡና ያወራርዳል፤ ያ አይሆንም። በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው። በጾም ወቅት ጠዋት ውኃም የማይቀምስ ሰው ማታ ከመተኛቱ በፊት፣ ከእራት ሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ መዋጥ ይችላል። ዋናው ሰዓቱ አለመቀያየሩ ነው።

ቲኤስኤች ከ4 እስከ 10 መካከል ሆኖ ቲ4 ደህና ከሆነ ወዲያው ኪኒን መጀመር አያስፈልግም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ይደገማል። ከዚህ ውስጥ ብዙው በራሱ ይመለሳል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን ለብቻዋ የምትታይ ናት፤ አትጠብቅ።

ደረጃ 5፦ ዕጢው ሲበዛ፣ ቲኤስኤችን ለጊዜው አትመኑት

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። ከሁሉም የሚያሳስት ክፍል ይህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ የ30 ዓመት ወጣት ልቡ ይመታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እየበላ ይከሳል፤ ዓይኑ ወጣ ብሏል። ቲኤስኤች ከ0.01 በታች፣ ነጻ ቲ4 56። ግሬቭስ ነው። ፀረ-እንግዳ አካሉ የቲኤስኤችን ቦታ ይዞ ዕጢውን ያለማቋረጥ ይነካካዋል። ይህ አካል ቲ4 ቢበዛም ባይበዛም አይሰማም፤ በኔጋቲቭ ፊድባክ የሚገታ አይደለም። ፒቱታሪ የምትችለውን አድርጋለች፣ ቲኤስኤችን እስከ ዜሮ አውርዳለች። ከዚህ በላይ ምንም አቅም የላትም።

ሜቲማዞል 30 ሚሊግራም ተጀመረለት። በአንዳንድ ቦታ ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል ይሰጣል፤ የሁሉም ሥራ ዕጢው አዲስ ሆርሞን እንዳይሠራ ማገድ ነው። የልብ ምቱን ለማስታገስ ፕሮፕራኖሎል ታከለበት። ዕጢው ውስጥ ቀድሞ ተሠርቶ የተከማቸ ሆርሞን ስላለ ቲ4 ወዲያው አይወርድም፤ ሳምንታት ይፈጃል።

በስምንተኛው ሳምንት መጣ። ልቡ ረግቷል። ነገር ግን ደክሞታል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ አምስት ኪሎ ጨምሯል። ገንዘብ ለመቆጠብ ቲኤስኤች ብቻ ተሠራለት። ከ0.01 በታች። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «አሁንም ዕጢው ብዙ ነው፣ መድኃኒቱ ይጨመር» ይላል። ነጻ ቲ4 ቢሠራለት ግን 7 ነበር። ማለትም ልጁ አሁን ዕጢው ደክሞበታል፤ ያደከመው መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ መቀነስ ሲገባው ሊጨመርበት ነው።

ቲኤስኤች ለምን አልወጣም? ለወራት በቲ4 ጎርፍ ሥር የቆየችው ፒቱታሪ ቲኤስኤች የሚሠሩትን ሕዋሳቷን ከሞላ ጎደል ዘግታቸዋለች። ቲ4 ቢወርድም ሥራ እስኪጀምሩ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ የሚታየው ዜሮ ቲኤስኤች ያለፈውን እንጂ ያሁኑን አይናገርም።

ስለዚህ በሕክምናው የመጀመሪያ ወራት የሚታዩት ነጻ ቲ4 እና ቲ3 ናቸው፤ ከመነሻው ጀምሮ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ። ቲ3ም ይታይ የምለው አንዳንድ ግሬቭስ ቲ4ን ሳይሆን ቲ3ን በብዛት ስለሚያመርት ነው። ቲ4 መደበኛ ሆኖ ሰውየው አሁንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቲ3ን ጠይቁ። ቲኤስኤች ራሱ መነሳት ሲጀምር ያኔ እንደገና ሊታመን ይችላል። ለመመርመር ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ በዚህ ወቅት ነጻ ቲ4ን አሠሩ።

ሜቲማዞል፣ ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል ላይ ያለ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስለት ከያዘው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ሄዶ ነጭ የደም ሕዋሱ ይቆጠር፤ ውጤቱ እስኪታወቅ መድኃኒቱን አይውሰድ። ከፊድባክ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግን ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም።

ሁሉም የበዛ ታይሮይድ ግሬቭስ አይደለም። ለብዙ ዓመታት እንቅርት የቆየባቸው ትልልቅ ሰዎች ላይ ከእባጩ ውስጥ አንዳንዱ ጉብታ ቲኤስኤችን መጠበቅ ትቶ በራሱ ማምረት ይጀምራል። አዮዲን በደንብ ባላገኘ ጊዜ ብዙም አይታወቅም። አዮዲን ያለው ጨው ወይም አዮዲን ያለበት መድኃኒት ሲመጣ ግን ጉብታው ጥሬ ዕቃ አገኘ ማለት ነው። ጤነኛ ዕጢ ቢሆን ፊድባኩ ያቆመው ነበር። ይህ ግን አይሰማም። ነባር እንቅርት ያለባት እናት ድንገት ልብ መምታትና ክሳት ካመጣች ይህን አስቡ። ጨዉን ከገበታ ማንሳት ግን መፍትሔ አይደለም፤ አዮዲን ለቤቱ ሰው ሁሉ ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ዕጢውን ከመውቀሳችሁ በፊት እነዚህን አጣሩ

የመጀመሪያው የፀጉርና የጥፍር ቪታሚን ነው። ባዮቲን የሚባለው በከፍተኛ መጠን፣ 5 ወይም 10 ሚሊግራም ሆኖ በየፋርማሲው ይሸጣል። ሰውነት ላይ ታይሮይድን አይነካም። የሚያታልለው የላብራቶሪውን መሣሪያ ነው። ብዙ መሣሪያዎች ላይ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ፍጹም ግሬቭስ ይመስላል። ሰውየው ግን ምንም የለውም። ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙት፤ ለሐኪሙም ንገሩ።

ሁለተኛው እርግዝና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከእንግዴ ልጁ የሚወጣው የእርግዝና ሆርሞን ቲኤስኤችን ይመስላል፤ ታይሮይድን ትንሽ ያነሳሳዋል። ቲ4 በጥቂቱ ይጨምራል፤ ቲኤስኤች ይወርዳል። ማስመለስ ካለ ደግሞ የበለጠ። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይስተካከላል፤ ወረቀቱ ግን ያስደነግጣል።

ሦስተኛው ሌላ ከባድ ሕመም ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ላይ ሰውነት ራሱ ቲ3ን ይቀንሳል፤ ቲኤስኤችም ይወርዳል። ሲያገግም ቲኤስኤች ለጊዜው እስከ 20 ሊወጣ ይችላል። ታይሮይድ ለመጠርጠር ግልጽ ምክንያት ከሌለ የተኛን ሰው ታይሮይድ መለካት ማደናገር ነው፤ ከተሻለው ከሁለት ወር በኋላ ይሠራ።

ሰዓቱንም አትርሱ። ቲኤስኤች ሌሊት ከፍ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት ተቀድቶ 5.1 እና 3.6 ቢወጣ ምንም ላይለወጥ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ተንሳፋፊዋ ራሷ ከተሰበረች

እስካሁን ፒቱታሪን ስናምናት ቆየን። የማትታመንበት ጊዜም አለ። አንዲት እናት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት እንበል። በእርግዝና ጊዜ ፒቱታሪ ስለምታድግ ብዙ ደም ትፈልጋለች፤ ደሙ ሲቋረጥባት ልትሞት ትችላለች። ሺሃን ሲንድረም ይባላል። ምልክቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጡቷ ወተት አልያዘም፤ የወር አበባዋ አልተመለሰም፤ ከዓመት ዓመት ትደክማለች። ሰው «ወሊዱ ጎዳት» ብሎ ያልፋታል።

ቲኤስኤች ሲሠራላት 1.8 ይወጣል። ጥሩ ቁጥር ነው፤ «ታይሮይድሽ ደህና ነው» ተብላ ትመለሳለች። ነጻ ቲ4 ቢታይ ግን 5 ነው። ደረጃ 3 ላይ ያልነው ይህን ነው። ቲ4 5 ሆኖ ጤነኛ ፒቱታሪ ቲኤስኤችን 1.8 ላይ አታስቀምጠውም፤ 50 እና 60 ታደርሰው ነበር። ዝምታው ራሱ ነው በሽታው። ወሊድ ላይ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ስትደክም፣ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ወይም የፒቱታሪ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ሲደክም፣ ቲኤስኤች ብቻውን በቂ አይደለም። ነጻ ቲ4 አብሮ ይታዘዝ።

ሕክምናው ላይም ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የሞተችው ፒቱታሪ የምታዘው ታይሮይድን ብቻ አልነበረም፤ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎችም ነበር። ስለዚህ ሌቮታይሮክሲን ከመጀመሩ በፊት ኮርቲሶል ይለካል፤ ከጎደለ እሱ ይቀድማል። ቲ4 ቀድሞ ከተሰጠ ሰውነት የቀረችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ ይጨርሳታል፤ ደም ግፊት ወርዶ ሕይወት እስከ ማለፍ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የኪኒኑ መጠን የሚስተካከለው በነጻ ቲ4 ነው፤ ከክልሉ ላይኛው ግማሽ እንዲሆን ይደረጋል። ኪኒን ስትጀምር ቲኤስኤች ወደ 0.1 ሊወርድ ይችላል፤ ያ መጠኑ በዛ ማለት አይደለም። በዚህች ሴት ክትትል ላይ ቲኤስኤች ቢታዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በዚያው ገንዘብ ነጻ ቲ4 ይሠራላት።